1206.05 ስንት ብር ነው? የአንድ የጠጠር ውል ጉዳይ

የውሉ ሠንጠረዥ የመጨረሻ መስመር ላይ የሰፈረው ድምር 1206.05 ይላል። ብር መሆኑ የታወቀ ነው። ስንት ብር የሚለው ግን እንደ አንባቢው ይለያያል፤ ጠቡም የመጣው ከዚሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2013 ዓ.ም. አንድ የቻይና መንገድ ተቋራጭ ከአንድ የኛ ሰው ጋር የጠጠር አቅርቦት ውል ሊዋዋል ነበር። ሰውየው የራሳቸው ክሬሸር ያላቸው፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ሁሉም ጋሼ የሚላቸው ናቸው። ውሉ በቻይንኛ ተጽፎ የእንግሊዝኛ ቅጂ ተያይዞለታል። ጋሼ እንግሊዝኛውን አነበቡና ደማቸው ፈላ። ደውለው «አንተ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች አንዱን ዜሮ ውጠው ሊያስፈርሙኝ ነው፤ ና እስቲ እየው» አሉኝ። ሥራዬ የቻይንኛ ሰነድ መተርጎም ስለሆነ ሄድኩና ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የጠጠሩ መጠን 24,121 ሜትር ኩብ፣ የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋ 500 ብር። ሲባዛ 12,060,500 ብር ይመጣል። እንግሊዝኛው ቅጂ ግን ድምሩን 1,206.05 ብሎ፣ ከሠንጠረዡ በላይ ደግሞ «በሺህ ብር» የሚል ማሳሰቢያ አስቀምጧል። እንደ ተጻፈው ካነበብነው 1,206,050 ብር ነው። ልክ አንድ አሥረኛው! ጋሼ ቢናደዱ አይፈረድባቸውም።

ቻይንኛው ግን ትክክል ነበር። በሠንጠረዡ የቀኝ ጥግ ላይ፣ በትንሽ ፊደል፣ በቀላሉ በማትታይ ቦታ አንዲት መስመር አለች፦ 单位:万比尔። «መለኪያ፦ አሥር ሺህ ብር» ማለት ነው። 1206.05ን በአሥር ሺህ አባዛው፤ 12,060,500። ምንም የተበላ ነገር የለም። እንግሊዝኛውን የጻፈው የቢሮ ሠራተኛ ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦ፣ 万 የምትለዋን ፊደል ግን «ሺህ» ብሎ አለፋት። ለምን? የሂሳብ ሰነድ በእንግሊዝኛ ሲዘጋጅ ከሠንጠረዥ በላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ወይ በሺህ ወይ በሚሊዮን ነው። በአሥር ሺህ የሚል ነገር እዚያ አይለመድም። እጁ የለመደውን ጻፈ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሁሉም ስህተት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በቻይንኛ አሥር፣ መቶ፣ ሺህ እያለ ይሄድና አሥር ሺህ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ የራሱ ስም አለው፤ 万፣ ሲነበብ ዋን። ከዚያ ወዲያ አዲስ ስም እስከ መቶ ሚሊዮን ድረስ የለም። መቶ ሺህ «አሥር ዋን» ነው፣ ሚሊዮን «መቶ ዋን» ነው፣ አሥር ሚሊዮን «ሺህ ዋን» ነው። መቶ ሚሊዮን ላይ ሌላ ስም ይመጣል፤ 亿፣ ዪ። ስለዚህ ቁጥሩ የሚከፈለው በሦስት በሦስት ሳይሆን በአራት በአራት ነው። የኛን 12,060,500 ኮማዎቹን አውጥተህ ከቀኝ ጀምረህ አራት አራት ስትቆርጠው 1206 እና 0500 ይሆናል። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድስት ዋን፣ ከዚያ አምስት መቶ። አለቀ።

የሚያደናግረው ነገር ቻይናዎች ራሳቸው በአኃዝ ሲጽፉ እንደኛው በሦስት በሦስት ኮማ ማድረጋቸው ነው። ባንክ እንደዚያ ነው፣ ኤክሴልም እንደዚያ ነው። ዓይን በሦስት ያያል፣ አፍ በአራት ይቆጥራል። የተቋራጩን የሂሳብ ሠራተኛ ሳያት ረዥም ቁጥር ሲመጣባት በእስክሪብቶዋ ጫፍ ከቀኝ ወደ ግራ እየነካች «አንድ፣ አሥር፣ መቶ፣ ሺህ፣ ዋን፣ አሥር ዋን፣ መቶ ዋን፣ ሺህ ዋን» እያለች በሹክሹክታ ትቆጥራለች። ኮማውን ከነአካቴው አታየውም። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ የምትናገረው ቋንቋ ነው፤ ግን ትቆጥራለች። ተርጓሚ ሆኖ ሳይቆጥር በግምት የሚያልፍ ሰው እንግዲህ አስቡት።

ለጋሼ ይሄን በኮማና በዜሮ ላስረዳቸው ብሞክር አልገባቸውም። ያስረዳቸው የግዕዝ ቁጥር ነው። ድሮ ቄስ ትምህርት ቤት ስለተማሩ ፼ አሥር ሺህ መሆኑን ያውቃሉ። በግዕዝ 12,060,500 ሲጻፍ ፲፪፻፮፼፭፻ ነው። ከ፼ በፊት አሥራ ሁለት መቶ ስድስት፣ ከ፼ በኋላ አምስት መቶ። በትክክል ቻይናዎቹ የቆረጡበት ቦታ ላይ ነው የተቆረጠው። ጋሼ ወረቀቱን ወስደው በጣታቸው ፼ን ነካ አድርገው «ታዲያ መለኪያ ያሉት ይቺን ነዋ!» አሉ። አዎ፣ ይቺን ነው።

ድምሩ ትክክል መሆኑን በምን እናረጋግጥ? አንዱ መንገድ ከላይ ያየነው ማባዛት ነው። መጠንና ነጠላ ዋጋ ካለ ሁሌም መጀመሪያ እሱን አድርጉ። ነጠላ ዋጋው አምድ ላይ ለብቻው 比尔 ተብሎ በብር ተጽፏል፤ 500 ማለት 500 ብር እንጂ 500 ዋን አይደለም። የጥጓ መስመር የምትገዛው የድምሩን አምድ ብቻ ነው። ይሄን ያላየ ሰው ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ነጠላ ዋጋውን አሥር ሺህ ጊዜ ሊያሳድገው ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ የበለጠ አስተማማኝ ነው። የቻይና ውል ውስጥ ገንዘብ በአኃዝ ብቻ አይጻፍም፤ ከጎኑ በፊደልም ይጻፋል፣ ያውም በተራ ፊደል ሳይሆን ለገንዘብ ብቻ በተለየ ወፍራም ፊደል። ተራው አንድ 一 ነው፤ አንድ አግድም መስመር። እሱ ላይ አንድ ቁም መስመር ብትጨምርበት 十፣ ማለትም አሥር ይሆናል። ተራው ሁለት 二 ደግሞ አንድ መስመር ሲጨመርበት 三፣ ሦስት ይሆናል። ስለዚህ ለገንዘብ 壹፣ 贰፣ 叁 የሚባሉት ተጣምመው ተወሳስበው የተጻፉት ይገባሉ፤ እነሱን በእስክሪብቶ መለወጥ አይቻልም። (በነገራችን ላይ የቻይንኛው አሥር ሲጠራ ልክ የኛ «ሺ» ይመስላል። ሳይት ላይ አሥር ከረጢት ሲሚንቶ ተብሎ ሺ ከረጢት የሰማ ሰው አይጠፋም።)

የኛ ውል አንቀጽ ውስጥ ድምሩ እንዲህ ተጽፏል፦

壹仟贰佰零陆万零伍佰比尔整

ቀስ ብለን እንየው። 壹仟 አንድ ሺህ፣ 贰佰 ሁለት መቶ፣ 零 ዜሮ፣ 陆 ስድስት፣ 万 ዋን። ይሄ 1206 ዋን ነው። ቀጥሎ 零 ዜሮ፣ 伍佰 አምስት መቶ። ከዚያ 比尔 ብር፣ መጨረሻ ላይ 整፤ ይቺ «እዚህ ላይ ሞላ፣ ሳንቲም የለውም» የምትል መዝጊያ ናት፣ ከኋላ ሌላ ነገር እንዳይቀጠል። ዋን የምትለዋ ፊደል መሃል ላይ ቁጭ ብላለች፤ ከሷ በፊት ያለው አራት አኃዝ፣ ከሷ በኋላ ያለውም አራት አኃዝ። እንግሊዝኛው ቅጂ ይሄን አንቀጽ በትክክል ተርጉሞታል፤ አሥራ ሁለት ሚሊዮን ስድሳ ሺህ አምስት መቶ ብሎ። ስለዚህ አንዱ ቅጂ ውስጥ አንቀጹ 12 ሚሊዮን ይላል፣ ሠንጠረዡ 1.2 ሚሊዮን ይላል። ጋሼ ያነበቡት ሠንጠረዡን ብቻ ነበር። ሰው ምን ያድርግ፣ ገንዘብ ሲፈልግ የሚሄደው ሠንጠረዥ ጋ ነው።

ዜሮዎቹ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እነሱ ላይ ነው። ደንቡ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ መሃል ላይ ያለ ዜሮ ይነበባል፣ ተከታትለው የመጡ ዜሮዎች አንድ ጊዜ ብቻ ይነበባሉ፣ የአራቱ ክፍል መጨረሻ ላይ ያሉ ዜሮዎች አይነበቡም። 1206 ውስጥ የአሥር ቤት ባዶ ስለሆነ ዜሮ ተነበበ። 0500 ውስጥ የሺህ ቤት ባዶ ስለሆነ ከዋን ቀጥሎ ዜሮ ተነበበ፤ ከአምስት በኋላ ያሉት ሁለት ዜሮዎች ግን ዝም ተባሉ። አሁን ቅድሚያ ክፍያውን እዩት። የድምሩ 20 በመቶ፣ 2,412,100 ብር ነው። በአራት ሲቆረጥ 241 እና 2100፤ በፊደል 贰佰肆拾壹万贰仟壹佰比尔整። እዚህ ከዋን በኋላ ዜሮ የለም፣ ምክንያቱም የሺህ ቤት ላይ ሁለት አለ። ያቺ የመጀመሪያዋ ዜሮ ብትጠፋስ? ውሉ ላይ 万零伍佰 ለማለት 万伍佰 ተብሎ ቢጻፍ ቻይናዊ አንባቢ ደንገጥ ብሎ ይቆማል፤ አምስት መቶ ነው ወይስ አምስት ሺህ ሊል ፈልጎ ነው ይላል። በንግግር «አንድ ዋን አምስት» ሲባል 15,000 ማለት ነውና ጥርጣሬው መሠረት አለው።

በቻይና ቼክ ላይ ነገሩ ከዚህም ይጠብቃል። በአገሪቱ የቼክና ሐዋላ ሕግ በአኃዝና በፊደል የተጻፈው ገንዘብ ካልተስማማ ቼኩ ዋጋ የለውም። አንዱ ያሸንፋል አይባልም፤ ወረቀቱ ይወድቃል። ቀኑም በወፍራሙ ፊደል ይጻፋል። መጋቢት 1 ቀን 2013 በነሱ 2021年3月10日 ነው፤ ቼክ ላይ ሲሆን ግን 贰零贰壹年叁月零壹拾日 ይሆናል። ከአሥሩ በፊት ያለችው ዜሮ አላስፈላጊ ትመስላለች። ሥራዋ ሌላ ቁጥር ጨምሮ ቀኑን የሚለውጥ ሰው ቦታ እንዳያገኝ መዝጋት ነው። የኛ ውል ቼክ ስላልሆነ ይሄ ግዴታ አይደለም፤ የሂሳብ ሠራተኛዋ ግን በልማድ የውስጥ የክፍያ ወረቀቷ ላይ እንደዚሁ ነው የምትጽፈው፣ ይሄን የማያውቅ ሰው ደግሞ «ዜሮ አሥር» ምን ቀን ነው ብሎ ይጨነቃል።

የቅድሚያ ክፍያው ነገር ሌላም ጣጣ ነበረው። የሳይት ኃላፊው በዊቻት ለጋሼ ልጅ የላከው መልእክት «240w» ይላል። ልጁ w ምን እንደሆነ ገና አልተነገረውም፤ እሱ የለመደው ሺህን የምትወክለውን k ነው። ስለዚህ 240 ሺህ ብሎ ለአባቱ ነገራቸው። ከእንግሊዝኛው ሠንጠረዥ 241.21 በሺህ ጋር ደግሞ ገጠመ! ሁለት ስህተት ተደጋግፎ እውነት መሰለ። w የዋን የመጀመሪያ ድምፅ ናት፤ ቻይናዎች በቻት ላይ ሲጣደፉ ፊደሉን ከመፈለግ w ብለው ያልፋሉ። 240w ማለት 2.4 ሚሊዮን ገደማ ነው። ቻት ላይ ይሄን ካያችሁ አራት ዜሮ ጨምሩ፣ ከዚያ ውሉን ክፈቱና ትክክለኛውን ቁጥር ከዚያ ውሰዱ፤ ቻት ላይ የሚጻፈው ሁሌም የተጠጋጋ ነው።

ሠንጠረዡን ስናስተካክል የሂሳብ ሠራተኛዋ የዋን አምዷን መተው አልፈለገችም። ትክክል ናት፤ አለቃዋ የሚያነበው እሱን ነው። እኛ ደግሞ ሙሉውን ቁጥር እንፈልጋለን። ኤክሴል ቁጥርን በሺህ አሳጥሮ ማሳየት ይችላል፤ በአሥር ሺህ የሚያሳጥርበት የራሱ መንገድ ግን የለውም። ቻይናዎች የሚጠቀሙባት አንዲት ዘዴ አለች። የሕዋሱ የቁጥር ቅርጽ ውስጥ ይቺን ማስገባት ነው፦

```
0!.0000"万"
```

ሕዋሱ ውስጥ ያለው ቁጥር 12060500 እንደሆነ ይቀራል። የሚታየው ግን 1206.0500万 ነው። የቃለ አጋኖ ምልክቷ ነጥቧን እንደ ተራ ምልክት አራት አኃዝ ከቀኝ ትታ እንድትቀመጥ ታደርጋለች፣ ሂሳብ አትሠራም። በማባዛትም በመደመርም የሚገባው ሙሉው ቁጥር ነው። አጠር እንዲል ብለው 0!.0,"万" የሚጠቀሙ አሉ፤ እሷ የሚታየውን ወደ አንድ አኃዝ ታጠጋጋዋለች፣ 1206.05ም 1206.1 ሆኖ ይታያል። 500 ብር እዚያ ላይ አሥር ጊዜ ብትመለከተው አታገኘውም። ለውል አትሆንም። በመጨረሻ የተስማማነው ሁለት አምድ ጎን ለጎን ነው፤ አንዱ በዋን፣ አንዱ በሙሉ ብር፣ ለእያንዳንዱ አምድ መለኪያው ራሱ አምዱ አናት ላይ። የጥጓ መስመር ተሰረዘች።

ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ቀኑ መጣ። እውነቱን ለመናገር ከገንዘቡ የባሰው እሱ ነው።

ውሉ የማቅረቢያ መጀመሪያውን 4月中旬 ይላል። እንግሊዝኛው «የኤፕሪል አጋማሽ» አደረገው። የጋሼ ቢሮ ደግሞ ኤፕሪልን ሚያዝያ ብሎ «የሚያዝያ አጋማሽ» አለው። ሦስቱም የተለያየ ነገር ነው። ቻይንኛው አጋማሽ አላለም፤ ቻይናዎች ወርን በሦስት ይከፍሉታል፣ የመጀመሪያው አሥር ቀን፣ ሁለተኛው አሥር ቀን፣ የቀረው። 中旬 ሁለተኛው ነው፤ ከ11 እስከ 20። ስለዚህ ከሚያዝያ 3 እስከ ሚያዝያ 12 ማለት ነው። ሚያዝያ 15 ብሎ የሚያስብ ሰው ኤፕሪል 23 ላይ ይደርሳል፣ ሦስት ቀን ያልፍበታል፣ ለእያንዳንዱ ቀን መዘግየት ደግሞ ውሉ ላይ ቅጣት አለ። ይሄን ከመፈረሙ በፊት ነው ያየነው። አማርኛው ላይ «ከሚያዝያ 3 እስከ 12 ቀን 2013» ብለን ቀኑን ቆጥረን ጻፍነው።

ከዚያ የመረከቢያ ደረሰኞች። የክሬሸሩ ልጆች በእጃቸው 5/8/2013 ብለው ይጽፋሉ። ሚያዝያ 5 ነው፤ ኤፕሪል 13። የሂሳብ ሠራተኛዋ ግን ስትመዘግብ 2013年8月5日 ብላ አስገባችው። ከውሉ በፊት ከሰባት ዓመት በላይ የቀደመ ጠጠር! ዓመቱ ስለሚጮህ ወዲያው ታየ። አደገኛው የታረመበት መንገድ ነው። አንድ ሰው «ዓመቱን ብቻ 2021 አድርጊው» አላት፣ እሷም 2021年8月5日 አለችው። አሁን ቀኑ ትክክል ይመስላል፣ ምንም አይጮህም፣ ግን አራት ወር ገደማ ወደፊት ሄዷል። የኛ ወር ቁጥር ከመስከረም እንደሚጀምርና ስምንተኛው ወር ሚያዝያ እንደሆነ ማን ይንገራት? ስለዚህ በደረሰኙ ላይ ሁለቱም ቀን እንዲጻፍ ተደረገ፤ በቻይንኛው በኩል 埃塞历2013年8月5日(公历2021年4月13日)፣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በቅንፍ ያለው የነሱ። ቅደም ተከተሉም ሁሌ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ነው፤ በቻይንኛ ከትልቁ ወደ ትንሹ እንጂ በሌላ አይሄድም።

ስለ 亿 ያልኩት ነገር ጋሼ ውል ውስጥ አይመጣም፤ በዚያ ልክ ጠጠር የሚሸጥ የለም። በዜና ላይ ግን ይመጣል፣ ስህተቱም ያው ነው። ነሐሴ 30 ቀን 2016 ቤጂንግ ላይ በቻይናና አፍሪካ የትብብር ጉባኤ ሺ ጂንፒንግ ለሦስት ዓመት የሚሆን 3600亿元 የገንዘብ ድጋፍ አስታውቀዋል። 亿 መቶ ሚሊዮን ነውና 3600 ሲባዛበት 360 ቢሊዮን ዩዋን ነው። 亿ን ቢሊዮን ብሎ የተረጎመ ሰው 3,600 ቢሊዮን ይላል። እዚህም አሥር እጥፍ ነው፣ አቅጣጫው ብቻ ይለያል፦ 万ን ሺህ ስትለው ገንዘቡ ይቀንሳል፣ 亿ን ቢሊዮን ስትለው ያብጣል። አሥር እጥፍ የተሳሳተ ቁጥር ባያችሁ ቁጥር ሌላ ነገር ከመጠርጠራችሁ በፊት እነዚህን ሁለት ፊደሎች ፈልጉ።

ውሉ ተፈረመ፣ ጋሼም ቅድሚያ ክፍያቸውን 2,412,100 ብር ተቀበሉ። ደረሰኞቹ ላይ ሁለት ቀን የመጻፉ ነገር እስከ ክረምቱ መጨረሻ ያለ ችግር ሄደ። ጳጉሜን ላይ ግን ተንኮለኛዋ ወር መጣች። የሂሳብ ሠራተኛዋ ጳጉሜን 3ን 埃塞历2013年13月3日 ብላ ስታስገባ የመመዝገቢያ ፕሮግራሟ 13 የሚባል ወር አልቀበልም አላት። ደውላ «አሥራ ሦስተኛ ወር እውነት አለ?» አለችኝ። አለ አልኳት። ለነዚያ አምስት ቀኖች ፕሮግራሙ ውስጥ የሚገባው የነሱ ቀን ብቻ፣ 2021年9月8日፣ እንዲሆንና የኛው ደረሰኙ ወረቀት ላይ በእጅ እንዲጻፍ ተስማማን።